የባንታምላክ መንጋጋ

ዶክተር ረሒማ ያዕቁብ የሌሊት ተረኛነት ትወዳለች ብሎ የሚያወራ ሰው ካለ ዋሽቷል። እንቅልፍ የምትወድ ሴት ናት። መተማ ተወልዳ ገዳሪፍ የተዳረችው እናቷ «ይችን ልጅ ለትራስ ነው የወለድኋት» እያለች ትቀልድባት ነበር። የካርቱሙ ጦርነት የምትሠራበትን ሆስፒታል ዘግቶ ወደ ትውልድ አገሯ ሲመልሳት ግን፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብላ በእርሻ መካከል የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ሆስፒታል ሐኪም አጥታ ጠበቀቻት። ቀኑን የሚይዝ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ነበረ፤ ሌሊቱ የእሷ ሆነ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሆስፒታሉም እሷም ተጨንቀው ነው የተገናኙት።

በሰሊጥ አጨዳ ወራት ሌሊቱ ሥራ አያጣም። ከአርማጭሆና ከመተማ ቆላ ድንበር ተሻግረው የሚመጡት አጫጆች ወባ ይዟቸው፣ እባብ ነድፏቸው፣ ማጭድ ቆርጧቸው ይመጣሉ። በአረብኛ ሆዴን አመመኝ ማለት የማይችል ሰው በጎንደር አማርኛ «ምን ነካህ ወንድሜ?» ስትለው ግማሽ ሕመሙ የሚለቀው ይመስላል። «የኛዋ ደክቶራ» ይሏታል። እሷም ስሙን ትወደዋለች፤ ብትክድም ፊቷ ያሳብቅባታል።

ያን ሌሊት ከሰዎቹ በፊት ጩኸታቸው ደረሰ። የትራክተር ተሳቢ በሩ ላይ ቆመና ስድስት ሰባት አጫጆች በገመድ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ተሸክመው ገቡ። ሁሉም ጭስ ጭስ ይሸታሉ። ከፊት ያለው ወጣት በአንድ እጁ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ፣ በሌላው እጁ የአንድ ጠና ያለ ሰው ኮሌታ ጨምድዶ ይጎትታል።

«እንትፍ በልበት! በእግዜር ስም እንትፍ በልበትና ልቀቀው!» ይጮሃል።

የሚጎተተው ሰው ጋረደው ይባላል። ለአጫጆቹ ማጭድ የሚሞርድ፣ እጀታ የሚገጥም ባለእጅ ነው። ጎታቹ ታምሬ ነው፤ የበሽተኛው ታናሽ ወንድም። አልጋው ላይ ያለው ገበሬ ደግሞ ባንታምላክ። ረሒማ ቀና ብላ ባንታምላክን አየችው። ይስቃል። ቅንድቡ ተሰቅሎ፣ የአፉ ጫፍና ጫፍ ወደ ጎን ተስቦ፣ ጥርሱ ተገጣጥሞ ይስቃል። ዓይኖቹ ግን ሳቁን አያውቁትም። ላብ በግንባሩ ይወርዳል።

«ቡዳ ነው ደክቶራ» አሏት ይታያል የሚባሉት የአጫጆቹ ትልቅ ሰው። «አጠንነው። ሥር አሸተትነው። የበላውን እንዲናገር ብንለምነው ጥርሱን ነክሶ ይስቅብናል። ይሄ ባለእጅ ነው የበላው። እንትፍ ካላለበት አይለቀውም።»

ታምሬ «እንትፍ በል!» ብሎ አንዴ ሲያምባርቅ፣ የባንታምላክ ጀርባ እንደ ደጋን ተለመጠ። በማጅራቱና በተረከዙ ብቻ አልጋውን ነክቶ፣ ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ፣ እጁ ደረቱ ላይ ተቆላልፎ ቀረ። ከተገጠመው ጥርሱ መካከል የሚወጣው ሲቃ የሳቅ አልነበረም። ከዚያ ሰውነቱ ቀስ እያለ ላላ። ጨርሶ ግን አልላላም።

ረሒማ ይህን ነገር ከዚህ በፊት ያየችው አንዴ ብቻ ነው፤ ተማሪ ሳለች፣ እትብቱ ባልታጠበ ምላጭ በተቆረጠ አራስ ላይ። ያ ሕፃን አልተረፈም። የሕፃኑን ፊት ልትረሳው ብዙ ሞክራለች፤ አሁን በጢማም ገበሬ ፊት ላይ ተቀምጦ አየችው።

«ማንም እንዳይናገር» አለች በሹክሹክታ። «ማንም። መብራቱን አጥፉት።»

ስልኳን በሻሽዋ ጫፍ ሸፍና ከሚወጣው ጭላንጭል ጋር ወደ ባንታምላክ ጎንበስ አለች። «ወንድሜ፣ ከሰማኸኝ ዓይንህን ጨፍነህ ክፈት» አለችው። ጨፍኖ ከፈተ። «ሕመም አለህ?» ጨፈነ። እንባ በጉንጩ ወረደ። አጫጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቡዳ የበላው ሰው ራሱን አያውቅም ሲባል ነው የሚያውቁት፤ ይህ ግን ሁሉን እየሰማ፣ ሁሉን እያወቀ ነው እዚያ የተኛው። ይህን ማወቅ ለረሒማ ከመለመጡም ይበልጥ አስፈሪ ሆነባት። በዚህ በሽታ አእምሮ አይደነዝዝም። ሰውየው የራሱን ሥቃይ ከዳር እስከ ዳር ነቅቶ ይጠጣዋል።

ታምሬን ብቻ ወደ ውጭ ይዛው ወጣች። ውሻ ነክሶት ያውቃል ወይ? የለም። ማስታወክ ሲያስቸግር የሚሰጠው መርፌም መንጋጋ ይቆልፋልና፣ ተወግቶ ነበር? የለም። ትኩሳት? እምብዛም።

«ከየት ጀመረው?»

«ከመንጋጋው። ትናንት ጠዋት ጥርሴን ነው አለን። ያን ስስ የማሽላ ቂጣ፣ ኪስራን እንኳ ማኘክ አቃተው። ከዚያ አንገቱ ደረቀ፤ ውኃ ሲጠጣ ያንቀዋል። ዛሬ እንዲህ አደረገው።»

ከላይ ወደ ታች። መንጋጋ፣ አንገት፣ ጉሮሮ፣ ጀርባ። ከመጀመሪያው መቆለፍ እስከ መጀመሪያው መንዘፍዘፍ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም፤ ያ አጭር ሲሆን መጥፎ ነው።

«ቁስል ነበረው?»

«ድኗል እኮ። ሳምንት አልፎታል። የታጨደ ሰሊጥ አገዳ ጫማውን በስቶ ውስጥ እግሩ ገባ። ያንን ጋረደው በጉጠት ነቀለው። እንግዲህ ያኔ ነው ያየበት፤ ደሙን ያየው ያኔ ነው!»

ተመልሳ ገብታ ውስጥ እግሩን ገለጠች። ቁስሉ በእርግጥ ተዘግቷል፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ናት የቀረችው። ዳር ዳሯን በጣቷ ጫን ስትል የባንታምላክ ጭን እስከ ላይ ተገተረ። እጇን አነሳች። የቀራት አንድ ነገር ነበር። በጥርሶቹ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት የምላስ መጫኛዋን እንጨት ቀስ አድርጋ አሳለፈችና የጉሮሮውን ኋላ ነካችው። ጤነኛ ሰው ቢሆን ያቅለሸልሸዋል፤ እንጨቱን ሊተፋ ይታገላል። ባንታምላክ አልተፋም። መንጋጋው ሳይታዘዘው ክርችም ብሎ እንጨቱን ነከሰው፤ እሷ እስክትለቀውም አልለቀቀውም።

መንጋጋ ቆልፍ። ቴታነስ። ደም ተመርምሮ የሚነግርህ በሽታ አይደለም፤ ያየው ሐኪም ካላወቀው ማንም አያውቀውም።

«ይዘነው እንሂድ» አለ ታምሬ። «ድንበሩን ተሻግረን ለጠበል እናድርሰው። እዚህ ከሞተ ግን ይሄ ሰውዬ የነገን ፀሐይ አያይም።» አነጋገሩ የማስፈራሪያ አልነበረም፤ የውሳኔ ነበር፤ አጫጆቹም አልተቃወሙትም። ጋረደው ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል።

ረሒማ ትዕግሥቷ ያኔ አለቀ። በሹክሹክታ መቆጣት ከባድ ነው፤ እሷ ግን ተቆጣች። «መንገዱ ይገድለዋል። ተሳቢው በዘለለ ቁጥር አንድ ጊዜ ይለመጣል፤ አንዱ ልምጣት ጉሮሮውን ይዘጋውና ኸላስ፣ አለቀ። ስማኝ ወንድሜ፤ ቅድም ወንድምህ ሲለመጥ ጋሽ ጋረደው ምን አደረጉት? ቆመው ነበር። የጮኽኸው አንተ ነህ። ድምፅ፣ ብርሃን፣ የሰው እጅ፣ ሁሉም ይቀሰቅሰዋል። ደሙንስ በምን አቆማችሁት?»

ታምሬ መለሰ። «በእበት። ዘላኖቹ ከብት ይዘው ሲያልፉ ትኩስ እበት አግኝቼ… እኔ ነኝ ያሰርኩለት። አባታችን እንዲያ ያደርግ ነበር።»

የእበቱን ነገር ልትዘልለው ትችል ነበር። ግን ሕይወት የቆመበትን ነገር በውሸት ማባበል አትወድም። የበሽታው ዘር በአፈርና በከብት እበት ውስጥ እንደ እህል ዘር ተኝቶ እንደሚኖር፣ አየር በማይገባው ጥልቅ ቁስል ውስጥ ሲዘጋበት እንደሚነቃ፣ የሚረጨው መርዝ በነርቭ መንገድ ሽቅብ እየወጣ ጡንቻን «በቃህ፣ ላላ» የሚለውን ትእዛዝ እንደሚያቋርጥ ነገረችው። «ከአገዳው ይሁን ከእበቱ ግን እኔም አላውቅም፤ ማንም አያውቅም» አለችው መጨረሻ ላይ። እውነቷን ነበር። ታምሬ ግን የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ወጥቶ ከበሩ ሥር ቁጢጥ አለ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ነው። ከሆስፒታሉ ክፍሎች ሁሉ ጸጥተኛው የአጎበር ማከማቻው ሆኖ ተገኘ፤ ከጄነሬተሩ የራቀ፣ መስኮቱ ትንሽ። ባንታምላክን ወደዚያ አዛወሩት፤ ጆሮው ላይ ጥጥ አደረጉለት። ዲያዜፓም በደም ሥሩ ሰጠችው፤ ጥቂት ጥቂት እያደረገች፣ እስኪላላ ድረስ፣ ትንፋሹን እስኪወስድ ግን አይደለም። ተሕዋስያኑን የሚገድለውን ሜትሮኒዳዞል ጀመረችለት። ምሥራቅ የምትባለው አዋላጅ፣ መንደር 8 በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ በኩል የመጣች የጎንደር ልጅ፣ ለወላዶች የደም ግፊት የምታስቀምጠውን ማግኒዥየም ከቁም ሣጥኗ አወጣች። «ለወንድ ሰጥቼ አላውቅም» አለች። ያን ሌሊት ፈገግ ያለ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት። ማግኒዥየሙ ጡንቻ ያላላል፤ ከበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ በየሰዓቱ ጉልበቱን በመዶሻ መታ ያደርጉታል፤ እግሩ መፈናጠሩን ካቆመ መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ነው።

መርዙን የሚያመክነው ሴረም ግን በሆስፒታሉ አልነበረም። ገዳሪፍ ከተማ ደውላ ከሰው የተሠራው እንደሌለ፣ ከፈረስ ደም የተሠራው ግን እንዳለ ሰማች። አምቡላንሱ ሄደ። ሴረሙ ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ አያስወጣም፤ ቤት ከገባው ሌባ ጋር አይታገልም፣ ገና በመንገድ ያለውን ነው የሚይዘው። ቢሆንም ሳይደርስ ቁስሉን መክፈት አትፈልግም። ቁስሉ ሲነካካ ያመለጠ መርዝ ቢኖር የሚይዘው ነገር አስቀድሞ ደሙ ውስጥ መኖር አለበት።

አሁን አስታማሚ ያስፈልጋል። ነርሷ አንዲት ናት፤ ወባው ሞልቷል። ታምሬ ገባ። ወንድሙ ሲለመጥ «ወየው ወንድሜን!» ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ ሌላ ልምጣት ወለደ። ሁለተኛም ገብቶ ሁለተኛም ጮኸ። ፍቅር ነው፤ ምን ታደርገዋለህ? ረሒማ ክንዱን ይዛ አወጣችውና ወደ ጋረደው ሄደች።

«ጋሽ ጋረደው፣ ዝም ብለው መቀመጥ ይችላሉ?»

«ልጄ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ዝም ብዬ ነው» አሏት።

ታምሬ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። ጋሽ ይታያል «የደክቶራ ነገር!» ብለው አማተቡ። ረሒማ ጋረደውን ፊት አስቀድማ ታምሬን አልፋው ገባች። እሱም ጋረደውን አልነካቸውም፤ ግን እስኪነጋ ከበሩ ሥር አልተነሳም። ባለእጁ በጨለማው ውስጥ ከባንታምላክ ራስጌ ተቀምጠው፣ ምራቁ እንዳያንቀው አንገቱን በጎን ይዘው፣ ሲገተር ሳይነኩ፣ ሲላላ ላቡን እየጠረጉ አደሩ።

ሊነጋ ሲል ረሒማ አንድ ነገር አስታውሳ ደነገጠች። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ወደ ሆስፒታሉ ነው የዞረው። ሻሿን እያስተካከለች ሮጣ ሼኹን ቀሰቀሰቻቸው፤ ነገሩን በአረብኛ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ማጉያውን ሳይከፍቱ ደጅ ወጥተው በገዛ ጉሮሯቸው ብቻ አዛን አሉ። ለአንድ ክርስቲያን አጫጅ ሲባል መንደሩ ለሳምንታት እንዲያ ሰገደ። ማንም አላጉረመረመም ብዬ አልዋሽም፤ ጥቂቶች ዘግይተው እየነቁ አጉረምርመዋል።

ሴረሙ ደረሰ። መጀመሪያ በጣም የቀጠነች ጠብታ ከቆዳው ሥር ሰጥታ፣ አድሬናሊን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ያብጥ እንደሆን ጠበቀች፤ የፈረስ ደም የማይስማማው ሰው ወዲያው ሊሞት ይችላል። አላበጠም። ሙሉውን ሰጠችው። ከዚያ በሌላው ክንዱ ክትባቱን ወጋችው። ይህ በሽታ ይዞት የዳነ ሰው እንኳ ካልተከተበ ዳግመኛ ይይዘዋል፤ መርዙ ለመግደል ይበቃል እንጂ ሰውነትን ለማስተማር አይበቃም። እናቶች ሲያረግዙ ይከተባሉ፤ ሕፃናት ይከተባሉ። ማጭድ ይዞ በባዶ ሜዳ የሚውለውን ጎልማሳ ግን ተከትበሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ማን አለ?

እግሩን አደንዝዛ ጥቁሯን ነጥብ ከፈተቻት። የሸተተ ፈሳሽ ወጣ፤ ከሥሩ የጥፍር ግማሽ የሚያህል የሰሊጥ አገዳ ስንጥር። የሞተውን ሥጋ ቆርጣ ጥላ፣ አጥባ፣ ቁስሉን ሳትሰፋ አየር እንዲገባው ክፍት ተወችው። ስንጥሩን በጨርቅ ላይ አድርጋ ለታምሬ አሳየችው።

«ተሰብሮ ቀርቶ ኖሯል» አሉ ጋረደው ከኋላዋ። «ጫፉን ሳላይ ነው የተውኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ታምሬ ቀና ብሎ አያቸው። 

ከዚያ በኋላ ባሉት ሌሊቶች አንዱ ከሁሉም ከፋ። ልምጣቱ ጉሮሮውን ያዘው፤ ትንፋሹ ቆመ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። ረሒማ መድኃኒቱን በፍጥነት ሰጥታ ጭንብሉን ፊቱ ላይ ገጥማ የአየር ከረጢቱን ጨመቀች። አየሩ አልገባም። ጉሮሮ ቀዶ ቧንቧ የሚያስገባ ሐኪም በአካባቢው የለም፤ እሷ ራሷ ምላጩን አነሳች። ጋረደው የባንታምላክን ራስ አቅንተው፣ አገጩን ወደ ላይ አድርገው፣ ጉጠት እንደያዘ ሰው ሳያወላውሉ ያዙላት። አንዴ ደግማ ጨመቀች። ደረቱ ከፍ አለ። ምላጩን አስቀምጣ፣ አየሩን እየሰጠች፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሐኪም አያለቅስም የሚል ካለ የሌሊት ተረኛ ሆኖ አያውቅም።

ልምጣቱ እየሳሳ ሲሄድ ሁለተኛው ሳምንት በሌላ መንገድ መጣ። የልብ ምቱ ያለ ምክንያት ይጋልባል፤ የደም ግፊቱ ይወጣና ይወድቃል፤ ላቡ አንሶላውን ያርሰዋል። በአፍንጫው በገባው ቀጭን ቱቦ ወተትና አጥሚት ይሰጡታል፤ ያን ሁሉ ጡንቻ በቀን በሌሊት ማንቀሳቀስ ከአጨዳ ይበልጣል። ታምሬ በበሩ ሥር እንጨት ፈልጦ፣ ወተት አፍልቶ ለጋረደው ያቀብላል። ከእጃቸው ዕቃ ሲቀበል ግን መሬት ላይ እስኪያስቀምጡለት ይጠብቅ ነበር፤ ረሒማ ይህን አይታለች። አንድ ቀን ለሁሉም አጫጆች ክትባት አዘጋጀች፤ ሁለተኛውን ከወር በኋላ እንዲደግሙት አስጠንቅቃ። መጀመሪያ ክንዱን የሰጠው ታምሬ ነው።

አጨዳው ሲያልቅ አጫጆቹ ሊሰናበቱ መጡ። የባንታምላክ መንጋጋ ያኔ ሁለት ጣት ያህል ይከፈት ጀምሮ ነበር። መስኮቱ ተከፍቷል። ምሥራቅ ኪስራ በወተት አርሳ በሳህን አመጣች፤ ቱቦው ከወጣ ወዲህ የሚያኝከው የመጀመሪያ እህል ነው። ታምሬ ፈጥኖ ጉርሻ ጠቀለለ። ባንታምላክ ፊቱን አዞረበት።

«በሳቸው እጅ» አለ። ድምፁ የዛገ በር ይመስል ነበር። ዓይኑ ጋረደው ላይ ነው።

 ጋሽ ይታያል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአጫጆቹ መካከል ከባለእጅ እጅ የጎረሰ የለም፤ በእርሻው ላይ የጋረደው የውኃ ጣሳ እንኳ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ጋረደው እጃቸውን ወደ ጀርባቸው ወሰዱ። «ተው ልጄ፤ ወንድምህ ያጉርስህ። እኔን ተወኝ» አሉ።

«ያን ሌሊት ሁሉንም እሰማ ነበር» አለ ባንታምላክ፤ እያንዳንዱን ቃል እየገፋ። «ሲጎትቱዎት። እንትፍ በል ሲሉዎት። ተዉት፣ አገዳውን ያወጣልኝ እሱ ነው ልል ፈልጌ… አፌ እምቢ አለኝ። ይኸው ዛሬ ልናገር።»

ታምሬ ብድግ አለ። ረሒማ ወጥቶ ሊሄድ ነው ብላ ፈራች። እሱ ግን ጥግ ያለውን የእጅ ማስታጠቢያ ኢብሪቅ አነሳና ከባለእጁ ፊት ጎንበስ ብሎ ቆመ። ጋረደው መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም ነበር። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ፤ ታምሬ ውኃ አፈሰሰላቸው። ብዙው መሬት ላይ ፈሰሰ። ጋረደው ከሚያስፈልገው በላይ ታጠቡ። ትንሽ ጉርሻ ጠቀለሉና ለባንታምላክ አጎረሱት። እሱም ረጅም ጊዜ ወስዶ አኘከ። ረሒማ ዓይኗን ከመንጋጋው ላይ አልነቀለችም፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ ጉሮሮው ወረድ አለ፤ ዋጠው።

ታምሬ ኢብሪቁን እንደያዘ እዚያው ቆሞ ያለቅሳል።

«አንተም እንካ» አሉት ጋረደው፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ወደ እሱ ዘርግተው።

ታምሬ አፉን ከፈተ።